ላይቩ ስንት ሰዓት ነው? ተከታይን ሳያሰለቹ የማስታወስ ብልሃት

ሰኞ አንድ ፖስት ይለጠፋል፦ «ቅዳሜ ማታ በ3 ሰዓት ላይቭ እንገባለን፤ እንዳያመልጣችሁ!» ማክሰኞ ያው ፎቶ ይደገማል። ሐሙስ በስቶሪ፣ ዓርብ በቴሌግራም፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ በሁሉም ቦታ ይመጣል። ከፖስቱ ሥር «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» የሚል ጥያቄ ተደርድሯል፤ የመለሰ የለም። ቅዳሜ ማታ ላይቩ ሲከፈት የሚገባው ሰው ከተከታዩ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ደግሞ ከዱባይ አንዷ ገብታ «አለፈኝ እንዴ?» ብላ ትጽፋለች።

እንዲህ ሲሆን አብዛኛው የላይቭ አዘጋጅ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚያስበው መፍትሔ አንድ ነው፤ ደጋግሞ መለጠፍ። ዱባይ ያለችው ሴት ግን ላይቭ መኖሩን ሰምታለች፤ አምስት ጊዜ ሰምታለች። ያጣችው በእሷ ሰዓት መቼ እንደሆነ የሚነግራትና ሰዓቱ ሲደርስ ስልኳን የሚያንኳኳ አንድ መልእክት ነው። ተመልካች የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ ምክንያት ነው፦ ማስታወቂያው ለመገኘት የሚያስፈልገውን ነገር አይናገርም፤ ማስታወሻው ደግሞ ያንኑ ቃል ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይደግማል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ መከተል ይቀላል። አንዲት የምግብ ባለሙያ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ የድፎ ዳቦ ላይቭ ልታዘጋጅ ነው እንበል። ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ቻናል አላት፤ ተከታዮቿ አዲስ አበባ፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ለንደንና ዋሽንግተን ተበትነዋል። ውጭ ያሉት የኮባ ቅጠል እንደ ልብ አያገኙም፤ ስለዚህ የምታሳየው ያለ ኮባ፣ በተራ የቤት ኦቨን የሚጋገረውን ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነሐሴ 30 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከአዲስ ዓመት ስድስት ቀን በፊት ነው። ሰዓቱ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 3።

በመጀመሪያ የሚመጣላት ካፕሽን ብዙ ሰው የሚጽፈው ዓይነት ነው፦

«ሰላም ውድ ተከታታዮቼ እንዴት ሰነበታችሁ! ቅዳሜ ማታ በ3 ሰዓት እጅግ ልዩ የሆነ የበዓል ላይቭ ይዤላችሁ እመጣለሁ፤ እንዳያመልጣችሁ። ላይክና ሼር ማድረግ እንዳትረሱ!»

ይህን ያነበበ ሰው ምን እንደሚያይ አላወቀም። ቅዳሜ የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ፣ 3 ሰዓት የየትኛው አገር እንደሆነ፣ ላይቩ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ የት ገብቶ እንደሚያይ አልተነገረውም። የተነገረው ላይክና ሼር እንዲያደርግ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ኢንስታግራምም ሆነ ፌስቡክ ረዘም ያለ ጽሑፍን ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች በኋላ ስለሚቆርጡት፣ ካልተጫነ በቀር ዓይን ላይ የሚቀረው ሰላምታው ነው።

እንደገና ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

«ድፎ ዳቦ ያለ ኮባ ቅጠል፣ በቤት ኦቨን። ከሊጡ እስከ ቆረሳው በቀጥታ።
ቅዳሜ ነሐሴ 30 (ሴፕቴምበር 5)
አዲስ አበባና ሪያድ፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት፤ ስልካችሁ ላይ 9:00 ማታ
ዱባይ፦ 10:00 ማታ
ለንደን፦ 7:00 ማታ
ዋሽንግተን፦ 2:00 ከሰዓት በኋላ
1 ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። አብራችሁኝ መጋገር ለምትፈልጉ የሚያስፈልገውን ዝርዝር ዓርብ እለጥፋለሁ።
ሰዓቱ ሲደርስ እንዲያስታውሳችሁ ሊንኩን ከፍታችሁ Notify me የሚለውን ተጫኑ። መግባት ለማትችሉ ቀረጻው እዚያው ይቆያል።»

የመጀመሪያው መስመር ሥራው አንድ ነው፤ ሰውየው ይህ ለእኔ ነው ወይስ አይደለም ብሎ እንዲወስን ማድረግ። «ልዩ የበዓል ላይቭ» ማንንም አያስወስንም። «ያለ ኮባ ቅጠል» ግን ለንደን ውስጥ ባለፈው በዓል ድፎው ከትሪው ጋር ተጣብቆባት የተቸገረችን ሴት ቀጥ አድርጎ ይይዛታል። ዳቦ የማይጋግር ሰው አልፎት ቢሄድ ምንም ጉዳት የለውም፤ እሱን አስር ጊዜ ማስታወስ ጋጋሪ አያደርገውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሰዓቱ ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ተመልካች ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ነው። የአገር ቤት ሰው 3 ሰዓት ሲል ስልኩ 9:00 ይላል። ዋሽንግተን ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ግን 3 ሰዓት ሲባል አንዳንዴ በሀበሻ፣ አንዳንዴ በስልኩ አቆጣጠር ይሰማዋል፤ እንደለመደበት ነው። ስለዚህ ከአገር ውጭ ተከታይ ያለው ሰው ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ ይኖርበታል። «ከምሽቱ» የምትለው ቃልም መቅረት የለባትም። 3 ሰዓት ብቻ ከተባለ ጠዋትም ሊሆን ይችላል።

ቀኑም የራሱ ወጥመድ አለው። ውጭ የሚኖር ሰው የሥራ ፈረቃውን የሚቆጥረው በፈረንጅ ቀን ስለሆነ ነሐሴ 30 ብቻውን ብዙም አይነግረውም፤ ሴፕቴምበር 5 አብሮ ሲጻፍ ያውቀዋል። ላይቩ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። «ቅዳሜ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ለአንዱ ዓርብ አልፎ የሚመጣው ሌሊት ነው፣ ለሌላው ቅዳሜ መሽቶ የሚመጣው። አማርኛ ለዚህ ድሮውኑ የተዘጋጀ አነጋገር አለው፤ «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ» ብሎ የጻፈ ሰው ማንንም አያሳስትም።

የከተሞቹ ዝርዝር ከአንዱ ላይቭ ወደ ሌላው እንዳለ የሚገለበጥ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ኢትዮጵያና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰዓታቸውን ዓመቱን ሙሉ አይቀይሩም። አሜሪካ፣ አውሮፓና እስራኤል ግን ይቀይራሉ። በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት በበጋቸው 7 ሰዓት፣ ከኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ጀምሮ 8 ሰዓት ነው። አውሮፓ ደግሞ የሚቀይረው ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ነው። በነሐሴ የተጻፈውን ሰንጠረዥ ለገና ላይቭ የገለበጠ ሰው የዋሽንግተንም የለንደንም ተመልካቾቹን ከትክክለኛው ጊዜ አንድ ሰዓት አሳልፎ ይጠራቸዋል። ዩቲዩብ ላይ አስቀድሞ ቀጠሮ የተያዘለት ላይቭ ለእያንዳንዱ ተመልካች በራሱ አገር ሰዓት ስለሚታይ፣ ሊንኩን ከሰንጠረዡ ጋር መለጠፍ ስህተትን ይቀንሳል።

የላይቩ ርዝመት መጻፉ ትንሽ ነገር ይመስላል። አገር ቤት የኢንተርኔት ጥቅል ገዝቶ ለሚያይ ሰው ግን ከ1 ሰዓት በላይ ቪዲዮ መከታተል ወጪ ነው፤ አስቀድሞ ካወቀ ይዘጋጅበታል። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህትም ሥራዋን ጨርሳ ስንት ሰዓት ላይ መተኛት እንደምትችል ለማስላት ያው መረጃ ያስፈልጋታል።

አሁን ወደ ማስታወሻዎቹ እንምጣ። ማስታወሻ ይሠራል፤ ነገር ግን ውጤቱ እንደሚናገረው ነገር ይለያያል። ይህን በግልጽ ያሳየ ሙከራ የተደረገው ከላይቭ ጋር በማይገናኝ ቦታ፣ በለንደን ባርትስ ሄልዝ ሥር ባሉ ሆስፒታሎች ነው። በ2015 የታተመው ጥናት ቀጠሮ ላላቸው ታካሚዎች በተመሳሳይ ጊዜ በስልክ አጭር መልእክት ላከ፤ የተለያየው ቃሉ ብቻ ነበር። በተለመደው መልእክት ከቀጠሮ የቀሩት 11.1 በመቶ ሲሆኑ፣ አንድ ሰው ሲቀር የጤና አገልግሎቱ 160 ፓውንድ ገደማ እንደሚከስር የሚናገረው መልእክት የደረሳቸው የቀሩት 8.4 በመቶ ብቻ ሆኑ። የተላከው መልእክት ቁጥር አልጨመረም። የሐኪም ቀጠሮና የድፎ ዳቦ ላይቭ አንድ ባይሆኑም፣ አምስተኛ ማስታወሻ ለመጨመር የሚያስብ አዘጋጅ በቅድሚያ የሁለተኛውን ቃል ቢያይ እንደሚሻለው ሙከራው ይጠቁማል።

የምግብ ባለሙያዋ ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። ሰኞ ነሐሴ 25 ከላይ ያየነው ካፕሽን ከሊንኩ ጋር ይወጣል። ከዚያ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ስለ ላይቩ ምንም አትልም። ዓርብ ማታ ሁለተኛው መልእክት ይመጣል፤ ይህኛው ያለፈውን አይደግምም፦

«ለነገው ድፎ የሚያስፈልገው፦ 1 ኪሎ የፍርኖ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጨው፣ ዘይት፣ የመጋገሪያ ወረቀት። አብራችሁኝ የምትጋግሩ ከላይቩ 2 ሰዓት ቀድማችሁ አቡክታችሁ ሸፍኑት። ቤታችሁ ብርድ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ሊንኩና ሰዓቱ ይኸው።»

ላይቩን ለማየት ያላሰበ ሰው እንኳ ይህን መልእክት ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ለበዓሉ ይጠቅመዋል። አብሮ የሚጋግረው ደግሞ ዱቄቱን ገዝቶ ሊጡን ካቦካ በኋላ ላይቩን አይረሳውም፤ ኩፍ ያለው ሊጥ ራሱ ያስታውሰዋል። ሁለተኛው መልእክት እንዲህ ሰውን አንድ ሥራ ሲያስጀምረው ነው ጥቅሙ የሚታየው። የዜማ አስተማሪ የሚለማመዱትን ክፍል፣ የሒሳብ መምህር ላይቩ ላይ የሚፈቱትን አንድ ጥያቄ፣ ደራሲ የሚወያዩበትን ምዕራፍ አስቀድመው ሊልኩ ይችላሉ።

ሦስተኛው ማስታወሻ የሷ ሥራ አይደለም። ሰዓቱ ሲቃረብ የሚመጣውን ማንኳኳት ለራሱ ለመድረኩ መተው ይሻላል፤ መድረኩ የሚያንኳኳው የጠየቀውን ሰው ብቻ ነውና። ዩቲዩብ ላይ Notify me የተጫነላቸው ሰዎች ማሳወቂያ ይደርሳቸዋል። ኢንስታግራም ላይ ቀጠሮ የተያዘለትን ላይቭ ለማስታወስ የተመዘገበ ተከታይ አንድ ቀንና 15 ደቂቃ ሲቀረው ይነገረዋል። ቴሌግራምም በቻናል ላይ ላይቭ ቀጠሮ ሲያዝ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አሳይቶ፣ አባሉ ራሱ ማስታወሻ እንዲያበራ ይፈቅድለታል። እነዚህን የተጫነ ሰው አስታውሱኝ ብሎ የጠየቀ ነው፤ ስለዚህ ስልኩ ሲጮህ ነዘነዘኝ አይልም። በሰኞው ካፕሽን ላይ ከላይክና ከሼር ይልቅ ይህን አንድ ነገር መጠየቅ ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የተጠየቀ ተከታይ አንዱንም ሳያደርግ ያልፋል።

እዚህ ላይ ብዙ አዘጋጆች የሚያምኑት አንድ የተሳሳተ ነገር አለ። ሰብስክራይብ ያደረገ ሁሉ ላይቩ ሲጀመር ይነገረዋል ብለው ያስባሉ። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰው ሰብስክራይብ ሲያደርግ ደወሉ በራሱ የሚቀመጠው «ሁሉንም» በሚለው ላይ አይደለም፤ መድረኩ መርጦ በሚልክበት ላይ ነው። «ሁሉንም» ብሎ የመረጠ ተመልካች እንኳ ከአንድ ቻናል በ24 ሰዓት ውስጥ ስለ አዲስ ቪዲዮና ስለ ላይቭ ከሦስት በላይ ማሳወቂያ አይደርሰውም። ቅዳሜ ቀን ሦስት ቪዲዮ ለቅስቀሳ ብሎ የጫነ ሰው፣ ማታ ለላይቩ የሚያስፈልገውን ደወል አስቀድሞ ሊጨርሰው ይችላል።

ቴሌግራም በዚህ ረገድ ለአዘጋጁ ትልቅ ነፃነት ይሰጣል። ቻናል ላይ የሚላክ መልእክት ያለ ድምፅ ሊወጣ ይችላል፤ የመላኪያውን ምልክት ትንሽ ተጭኖ ሲቆዩ Send Without Sound የሚል ምርጫ ይመጣል። መልእክቱ ይደርሳል፣ ስልኩ ግን አይጮህም። የተለጠፈን መልእክት ማረምም እንዲሁ ማንንም አያስደነግጥም። ስለዚህ ባለሙያዋ በድምፅ የምትልከው የሰኞውን ማስታወቂያና ቅዳሜ ላይቩ ሲከፈት «ጀምረናል» የሚለውን አጭር መልእክት ብቻ ነው። የዓርቡ ዝርዝር ያለ ድምፅ ይሄዳል፤ ማታ ስልኩን ሲከፍት ያገኘዋል፤ በሥራ ሰዓት አያስወቅሰውም። የፎቶ ለውጥ፣ የእንግዳ ስም፣ የቃላት እርማት ሁሉ በሰኞው መልእክት ውስጥ ገብቶ ይስተካከላል። ሰዓቱ ከተቀየረ ግን ያ ዝም ተብሎ የሚታረም ነገር አይደለም፤ የድሮውን ሰዓት ያነበበ ሁሉ እንዲሰማ በድምፅ መነገር አለበት።

ይህ ሁሉ በትክክል ተሠርቶ ደግሞ በመጨረሻዋ ደቂቃ የሚበላሽበት መንገድ አለ። አዘጋጁ ሰኞ ዩቲዩብ ላይ ቀጠሮ ይይዛል፤ ሰዎች ማስታወሻ ያበራሉ፤ ቅዳሜ ማታ ግን ተጣድፎ ቀጠሮ የተያዘለትን ትቶ አዲስ ላይቭ ይከፍታል። ማስታወሻ ያበሩት ሁሉ በድሮው ገጽ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ላይቩ ደግሞ በሌላ ሊንክ ይካሄዳል። በኮምፒውተር በኦቢኤስ የሚያስተላልፍ ሰው ቀጠሮው የተመደበበትንና ሶፍትዌሩ ውስጥ የገባውን የስርጭት ቁልፍ ካላመሳከረም ያው ይደርስበታል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ አዘጋጁ እያወራ ተመልካቹ ዜሮ ላይ ከቆመ፣ የሰኞውን ሊንክ በሌላ ስልክ ከፍቶ ማየት ነው። ከዚህ የሚሻለው 20 ደቂቃ ቀድሞ ቀጠሮ የተያዘለትን ገጽ ከፍቶ፣ ሰዎች እየጠበቁ መሆናቸውን በዓይን አይቶ፣ ከዚያው መጀመር ነው። ዩቲዩብ ላይ ላይቭ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስከፍት ሰው ፈቃዱ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ እንደሚችልም ማወቅ አለበት፤ ቅዳሜ ከሰዓት ጠይቆ ቅዳሜ ማታ ላያገኘው ይችላል።

ሌላው ልማድ «ሰው እስኪገባ ትንሽ እንጠብቅ» ነው። በሰዓቱ የገባው ሰው ሩብ ሰዓት ያህል ሰላምታና የስም ጥሪ ሲሰማ ይቆያል። በሚቀጥለው ሳምንት እሱም ሩብ ሰዓት አርፍዶ ይመጣል፤ ከዚያ አዘጋጁ ይበልጥ ይጠብቃል። ባለሙያዋ ልክ በ3 ሰዓት እጇ ሊጥ ውስጥ ገብቶ ቢጀምር፣ ያረፈደው ያለፈውን በቀረጻው ያገኘዋል። በሰዓቱ ለመጣው ግን ሰዓት አክብሮ የመጣበትን ዋጋ የምትከፍለው በዚያች ደቂቃ ነው።

ውጤቱ እንዴት ይታወቃል? የመጀመሪያው መለኪያ አብሮ የተገኘው ከፍተኛ የተመልካች ቁጥር ነው፤ ዩቲዩብ ከላይቩ በኋላ ያሳየዋል። ይህ ቁጥር ብቻውን ግን ያታልላል፤ ተከታይን እያሰለቹም ለአንድ ማታ ሊያድግ ይችላልና። ከጎኑ መታየት ያለበት ምን ያህል ሰው ጥሎ እንደሄደ ነው። የቴሌግራም ቻናል ስታቲስቲክስ አባላት የወጡበትንና ማሳወቂያ ያጠፉበትን ቀን በሥዕላዊ መስመር ያሳያል። ያ መስመር ማስታወሻ በተላከበት ቀን ሽቅብ ከወጣ ምክንያቱን ሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ማሳወቂያ ያጠፋ አባል ደግሞ ከወጣው ይልቅ ያሳስባል፤ ቁጥሩ ውስጥ አለ፣ ከእንግዲህ ግን ምንም ቢላክለት ስልኩ አይጮህም። ለአንድ ቅዳሜ ሃያ ተመልካች ለመጨመር ሁለት መቶ ሰው ደወሉን ካጠፋ፣ የሚቀጥሉት ቅዳሜዎች ሁሉ ዕዳ አለባቸው።

ላይቩ ሲያልቅ የሰኞው ማስታወቂያ እንዳለ አይተውም። እዚያው ላይ ገብቶ «ተካሂዷል፤ ቀረጻው ይኸው፤ ሊጡ ኦቨን የሚገባው 25ኛው ደቂቃ ላይ ነው» ተብሎ ይታረማል፤ ዘግይቶ ያየ ሰው ያለፈ ቀጠሮ እያነበበ አይናደድም። ፌስቡክ ላይ የሚያስተላልፍ ሰው ቀረጻውን ወደ ራሱ ማውረዱን መርሳት የለበትም፤ ከፌብሩዋሪ 19 ቀን 2025 ጀምሮ አዲስ የሚተላለፉ ላይቮች ፌስቡክ ላይ የሚቆዩት 30 ቀን ብቻ ነው።

ለሳምንታዊ ላይቭ ሁለት የሚጮህ መልእክትና አንድ ዝም ያለ መልእክት ይበቃል። ይህን ሦስት አራት ሳምንት በትክክል ሠርቶ ተመልካቹ ካልጨመረ፣ ቅዳሜን ወደ እሁድ፣ ከምሽቱ 3ን ወደ 2፣ ወይም ርዕሱን መቀየር ይሞከር፤ አራተኛ ማስታወሻ ግን አይጨመር።